ፀጉሩ ታጠፈ፣ ብርሃኑ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ

ፒያስትራ ተደርጎ ቀጥ ብሎ የወረደን ፀጉር ፎቶው ላይ ወደ ለስላሳ ሞገድ መቀየር፣ ፎቶ ቤቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ሥነ ሥርዓቱ አልፎ፣ ፎቶው ተመርጦ ካለቀ በኋላ «ምነው ከርል ባደረግሁት ኖሮ» የሚል ቁጭት ይነሳል። ፎቶሾፕን የለመደ ሰው ፀጉሩን ማጣመሙ ብዙ አይከብደውም፤ ፕሮግራሙ ለዚህ የሚሆኑ መሣሪያዎች ሞልተውታል። ሥራው አልቆ ሲታይ ግን ተመልካቹ ምኑ እንደሆነ ሳያውቅ «የሆነ ነገር አለው» ይላል። እንዲህ ሲባል አብዛኛው ባለሙያ ተመልሶ ቅርጹን መነካካት ይጀምራል፤ ሞገዱን ያሳንሳል፣ ያተልቃል፣ ጫፉን ይጠቀልላል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ቅርጹ ላይ አይደለም። ፀጉሩ ላይ የሚያበራው ብርሃን አሁንም የሉጫ ፀጉር ብርሃን ነው።

ነገሩን ለመረዳት የሉጫ ፀጉርን ፎቶ አንድ ጊዜ ፀጉሩን ትቶ ብርሃኑን ብቻ ማየት ይጠቅማል። አናቱ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዞር ብሩህ መቀነት አለ። ከሥሩ ያለው ፀጉር ጠቆር ብሎ ይወርድና ትከሻና ደረት ላይ ሲያርፍ እንደገና ሌላ የሚያበራ ንጣፍ ይታያል። ሁለቱም ፀጉሩን አግድም የሚያቋርጡ ናቸው። ፀጉሩ ከላይ ወደ ታች፣ ብርሃኑ ከግራ ወደ ቀኝ።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ነጠላ ፀጉር የሚያንጸባርቅ ቀጭን ዘንግ ነው። መብራቱ ያለበትን አቅጣጫና ካሜራው ያለበትን አቅጣጫ ብንወስድና መካከላቸውን ብናገኝ፣ ዘንጉ ከሁሉ ይበልጥ የሚያበራው ከዚያ መካከለኛ አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚሠራበት ቦታ ነው። ፀጉሩ የራስ ቅሉን ተከትሎ ሲታጠፍ በሆነ ከፍታ ላይ ይህን ማዕዘን ያገኛል፤ እዚያ ያበራል፤ አልፎት ሲወርድ ይጠፋል። ሉጫ ፀጉር ጎን ለጎን ትይዩ ሆኖ ስለሚወርድ ሁሉም ይህን ማዕዘን እኩል ከፍታ ላይ ያገኘዋል። መቀነት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ደረት ላይ ያለው ሁለተኛው ንጣፍም ያው ነው፤ ደረት ላይ ያረፈ ፀጉር ትንሽ ወደ ላይ ስለሚያይ ያንኑ ማዕዘን እንደገና ያገኛል።

አሁን ይህን ፀጉር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እናዛውረው። ከላይ ወደ ታች የሚሄደው መስመር የእባብ ጉዞ ይሠራል። አግድም ያለው የብርሃን መቀነት ግን ወደ ጎን ሲገፋ እዚያው ከፍታው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይታጠፍም፣ አይቆራረጥም፣ ቦታም አይለቅም። ያም ማለት ፀጉሩ ሞገደኛ ሲሆን በላዩ ላይ ያለው ብርሃን «ይህ ፀጉር ጠፍጣፋ ነው» ማለቱን አልተወም። ዓይን ከቅርጹ ይልቅ የሚያምነው ብርሃኑን ነውና ፎቶው የተወዛወዘ ጨርቅ ላይ የታተመ ይመስላል።

ስለዚህ ሥራው ሦስት ደረጃ አለው፤ ብርሃኑን ከፀጉሩ ማላቀቅ፣ ፀጉሩን ማጣመም፣ ብርሃኑን ለአዲሱ ቅርጽ በሚስማማው ቦታ መልሶ መስጠት። የሚከብደው ሦስተኛው ነው። በአንድ ፎቶ ላይ ሙሉውን እንከተለው።

ፎቶው ከወገብ በላይ ነው እንበል። ሴትዮዋ ካሜራውን ፊት ለፊት ታያለች፤ ጥቁር ቡናማ ሉጫ ፀጉሯ ሁለቱንም ትከሻ አልፎ ደረቷ ላይ ወርዷል። መብራቱ ትልቅ ሶፍትቦክስ ሲሆን ከካሜራው በላይ በ45 ዲግሪ ግድም ተሰቅሏል። ፊቷ ከፀጉሯ መነሻ እስከ አገጯ 1170 ፒክስል ይለካል። ይህ የፊት ክፍል በአዋቂ ሰው ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ፣ እዚህ ፎቶ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 65 ፒክስል ነው ማለት ነው። ይህችን ስሌት መጀመሪያ መሥራት ግድ ይላል። ያለ እሷ የሞገዱን መጠን በግምት እንመርጥና የፀጉር ቤት ካውያ ሊሠራው የማይችለውን ነገር እንሠራለን። ከርል ከተደረገ በኋላ በማበጠሪያ የላላ ለስላሳ ሞገድ፣ ከአንዱ እጥፋት እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ እጥፋት 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደህና ነው፤ በእኛ ፎቶ 520 ፒክስል መጣ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚሄደው አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደ 65 ፒክስል።

መጀመሪያ ፀጉሩ ለብቻው ሌየር ላይ ይውጣ፣ ከበስተኋላው ያለውም ይሞላ። ብዙ ሰው ይህን በችኮላ ያልፈዋል። ፀጉሩ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ከተጣመመ ከኋላ ያለው የበር ፍሬምም ይጣመማል፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ደግሞ ወዲያው ይጋለጣል። ከፀጉሩ ሥር የነበረው ልብስና ግድግዳም መኖር አለበት፤ ምክንያቱም ሞገደኛ ፀጉር ያጥራል። እጥፋቱ ርዝመቱን ይበላዋል። በእኛ መጠን ሙሉ በሙሉ የሞገደ 40 ሴንቲ ሜትር ፀጉር ወደ 32 ይወርዳል። ሞገዱ ከጆሮ በታች ቀስ ብሎ ስለሚጀምር ግን ከዚያ በታች ያለውን ክፍል በ15 ከመቶ ያህል ከታች ወደ ላይ ማሳጠር ይበቃል። በFree Transform የሚደረግ ነው፤ ፀጉሩ ቁልቁል የሚሄድ መስመር ስለሆነ ሲያጥር ጉዳቱ አይታይም። ርዝመቱ ሳይነካ የሞገደ ፀጉር ግን ተመልካቹ በቃል ባይገልጸውም የሚሰማው ውሸት ነው።

አሁን የድሮውን ብርሃን እናንሳ፤ ግን የት? እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። አናቱ ላይ ያለው መቀነት መነካት የለበትም። ሞገዱ የሚጀምረው ከጆሮ በታች ነው፤ ከዚያ በላይ ፀጉሩ ሉጫ እንደሆነ ስለሚቀር የሉጫ ፀጉር ብርሃኑ ልክ ነው። መነሳት ያለበት ደረቱ ላይ ያለው ንጣፍ ነው። ለዚህ ፀጉሩን ሁለት ሌየር ላይ መክፈል ይመረጣል፤ አንደኛው 25 ፒክስል ያህል በGaussian Blur ደብዝዞ ሰፋ ያለውን ብርሃንና ጥላ ይይዛል፤ ሁለተኛው የፀጉሩን ቀጫጭን መስመሮች ብቻ። ሪተች የሚሠሩ ሰዎች የፊት ቆዳን ለማጥራት የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። በደበዘዘው ሌየር ላይ ከንጣፉ በላይና በታች ካለው ጠቆር ያለ ቀለም በለስላሳ ብሩሽ እየወሰድን ንጣፉን እናስተካክላለን። መስመሮቹ በላይኛው ሌየር ላይ ስለሚቀሩ ፀጉሩ ፀጉርነቱን አያጣም። ንጣፉ በመብራት ብዛት ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ግን ምንም መስመር ስለማይኖር ከሌላ ቦታ በClone Stamp ማምጣት ያስፈልጋል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። የሰው ፀጉር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያንሳል። 0.07 ሚሊ ሜትር ብለን ብንይዝ በዚህ ፎቶ ላይ አንድ ፀጉር ግማሽ ፒክስል እንኳ አይሞላም። ፎቶ ላይ «ፀጉር» ብለን የምናያቸው መስመሮች ተጠጋግተው የተኙ ብዙ ፀጉሮች ናቸው። ይህን ብርሃኑን ስንመልስ እንፈልገዋለን።

ቀጥሎ የሽግሽግ ካርታው ይመጣል። በፎቶሾፕ Filter > Distort > Displace የሚባለው ትእዛዝ ምስሉን የሚያዛውረው ሌላ ምስል እያነበበ ነው። ያ ሌላው ምስል በPSD የተቀመጠ ግራጫ ካርታ ነው፤ 128 የሆነው መካከለኛ ግራጫ «አትንቀሳቀስ» ይላል፣ ጥቁሩ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ነጩ ወደ ሌላው። መጠኑ 100 ሲሆን ትልቁ ግፊት 128 ፒክስል ነው። እኛ የምንፈልገው 65 ገደማ ስለሆነ Horizontal Scale ላይ 50፣ Vertical Scale ላይ 0 እንጽፋለን። የቁልቁሉን ዜሮ ማድረጋችን በኋላ ይጠቅመናል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ከፍታውን አይለቅም።

ካርታው ራሱ የፎቶው እኩያ የሆነ ፋይል ነው። ሙሉውን በመካከለኛ ግራጫ እንሞላና በየ520 ፒክስሉ የሚደጋገሙ፣ ቀስ እያሉ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄዱ አግድም ሸንተረሮች እንሠራለን። ከጆሮ በላይ ካርታው ግራጫ እንደሆነ ይቀራል፤ ከጆሮ እስከ ትከሻ ሸንተረሮቹ ፈዘዝ ብለው ይጀምሩና ከትከሻ በታች ሙሉ ኃይላቸውን ያገኛሉ። ፀጉሩን በእያንዳንዱ ጎን አራት ወይም አምስት ዘለላ አድርገን ብንከፍለው የእያንዳንዱ ዘለላ ሸንተረር ከጎረቤቱ መለየት አለበት፤ አንዱ በ500 ፒክስል ይደጋገም፣ ሌላው በ560፣ አንዱ ትንሽ ቀድሞ ይጀምር። ሁሉም አብረው ከታጠፉ ፀጉሩ የቆርቆሮ ጣሪያ ይሆናል። በሁለት ዘለላዎች ድንበር ላይ ግን ካርታው በድንገት ከጥቁር ወደ ነጭ መዝለል የለበትም፤ ከዘለለ እዚያ ላይ ፀጉሩ ይቀደዳል። ድንበሩን ማደብዘዝ ወይም ዘለላዎቹን በተለያየ ሌየር መያዝ ነው።

በካርታው ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው መጠኑን ከልክ በላይ መጨመር ነው። ካርታው 256 የግራጫ ደረጃዎች ብቻ ካሉት፣ በመጠን 50 እያንዳንዷ ደረጃ ምስሉን ግማሽ ፒክስል ትገፋለች፤ ይህ አይታይም። መጠኑ 200 ሲሆን ግን እያንዳንዷ ሁለት ፒክስል ስለምትገፋ ፀጉሩ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይሰባበራል። ከላይ እንዲህ ያለ መሰላል ካዩ ችግሩ እሱ ነው። ሁለተኛው መቅጠን ነው። Displace አግድም ስፋቱን ይጠብቃል፤ ዘለላው ዘንበል ባለበት ቦታ ግን ትክክለኛ ውፍረቱ ይቀንሳል። በእኛ ሞገድ ትልቁ ዘንበላ ወደ 38 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ላይ ዘለላው አንድ አምስተኛ ይሳሳል። ይህን ዓይን ይታገሠዋል። ሞገዱን የበለጠ ካጋደልነው ግን ዘለላው ወገቡ ላይ የታሰረ ይመስላል፤ ለስላሳ ሞገድ ለስላሳ ሆኖ የሚቀረው ከዚህ ዘንበላ በታች ሲሆን ነው።

Warp የሚባለው መሣሪያ ቦታው ከዚህ በኋላ ነው። ካርታው የሠራው ሞገድ ትክክል ቢሆንም እንደ ማሽን ሥራ ነው። በEdit > Transform > Warp እያንዳንዱን ዘለላ ለየብቻ ይዘን፣ ሥሩን ሳናንቀሳቅስ ወገቡን ትንሽ ወደ ውጭ እናወጣለን፣ የሳሳውን ቦታ እናሰፋለን፣ ጫፉን ወደ አንድ ጎን እናጥፋለን። ሞገደኛ ፀጉር ከሉጫ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የፀጉሩ ዙሪያ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበት። ብዙዎች ሙሉውን ሞገድ በWarp ብቻ ሊሠሩ ይሞክራሉ፤ ይቻላል። እኔ ካርታውን የማስቀድመው ግን ካርታው ለብርሃኑም ስለሚያገለግል ነው።

ወደ ብርሃኑ እንመለስ። በካውያ ዙሪያ ተጠምጥሞ የተለቀቀ ፀጉር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይሄዳል። ተስቦ የላላ የእስክሪብቶ ሞላ በጎን ብናየው፣ ወደ አንድ በኩል የሚያጋድሉት መስመሮች ከፊት፣ በተቃራኒው የሚያጋድሉት ደግሞ ከኋላ ናቸው። የፀጉሩም ሞገድ ይኸው ነው። ከቀኝ እጥፋት ወደ ግራ እጥፋት ሲወርድ ወደ እኛ ከቀረበ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመለስ ይርቀናል። ወደ እኛ የቀረበው ጉብታ የራስ ቅሉ አናት ላይ የሚያደርገውን ያንኑ መታጠፍ በትንሹ ይደግማል፤ ስለዚህ የሚያበራውን ማዕዘን እዚያ ላይ ያገኛል። የራቀው ክፍል ስርጉድ ነው፤ በጎረቤቱ ጥላ ሥር ይሆናል፣ ይጠቁራል።

ከዚህ ትልቁ ደንብ ይወጣል፤ በአንድ ሙሉ ሞገድ ውስጥ ብርሃኑ አንድ ጊዜ ነው። በየቀኝና በየግራ እጥፋቱ ላይ ብርሃን መቀባት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ያን ጊዜ በአንድ ሞገድ ሁለት ብርሃን ይሆናል፣ ቦታውም ይስታል። የሚያበራው እጥፋቶቹ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው፣ ወደ ፊት በወጣው ዘንበላ ላይ ነው።

ካርታው የሚያገለግለው እዚህ ነው። የካርታው ጥቁርና ነጭ ሸንተረሮች የግራና የቀኝ እጥፋቶቹ ናቸው። ጉብታው ከእጥፋቱ የሞገዱን ሩብ ይርቃል። ስለዚህ የካርታውን ቅጂ ወስደን በFilter > Other > Offset የ520ን ሩብ፣ 130 ፒክስል፣ ቁልቁል ወይም ሽቅብ ብናዛውረው ነጩ ሸንተረር በትክክል ጉብታው ላይ ያርፋል። ሽቅብ መሆኑና ቁልቁል መሆኑ ፀጉሩ በየት በኩል እንደተጠቀለለ ይወስናል። ፀጉር ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጎን ከፊት እያራቁ ነው የሚጠቀልሉት፤ ስለዚህ ለሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ካርታ ከተጠቀምን በአንዱ ጎን ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች እናዛውራለን። መብራቱ ከላይ በመሆኑ ደግሞ ብርሃኑ በጉብታው አናት ላይ ሳይሆን ትንሽ ከፍ ብሎ ትከሻው ላይ ይቀመጣል። መብራቱ በ45 ዲግሪ ከፍታ ሲሆን መካከለኛው አቅጣጫ 22 ዲግሪ ተኩል ይሆናል፤ በእኛ ሞገድ ሲሰላ ወደ 50 ፒክስል ሽቅብ ነው። መብራቱ ካሜራው አጠገብ ቢሆን ኖሮ ይህ ጭማሪ አያስፈልግም ነበር።

የብርሃኑ ስፋትም ከመታጠፉ ይወሰናል። ቀስ ብሎ የሚታጠፍ ነገር ሰፊ ብርሃን፣ ቶሎ የሚታጠፍ ጠባብ ብርሃን ይይዛል። የራስ ቅል ከመሃሉ እስከ ገጹ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የእኛ ሞገድ ጉብታ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ከሆነ ክብ እምብዛም አይበልጥም። አምስት እጅ ይቀንሳል ማለት ነው። አናት ላይ ያለው መቀነት 250 ፒክስል ቢሰፋ የየሞገዱ ብርሃን ከ50 እስከ 60 ፒክስል ቢሆን ይበቃዋል። የተዛወረውን ካርታ Levels ከፍተን ነጩ ሸንተረር ይህን ያህል እስኪጠብ እናጠነክረዋለን። በተግባር እንዳየሁት አብዛኛው ሰው ብርሃኑን ሦስትና አራት እጥፍ አስፍቶ ነው የሚቀባው፤ ፀጉሩም ፕላስቲክ ይመስላል።

አቀባቡም የራሱ ሥርዓት አለው። በለስላሳ ብሩሽ ነጭ ቀለም መርጨት ጭጋግ ነው የሚሆነው። የእውነቱ ብርሃን በአንዳንዱ የፀጉር መስመር ላይ ይበራል፣ በመካከላቸው ያለው ጥቁር ክፍተት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከፀጉሩ በላይ Curves ሌየር ከፍተን ብርሃኑን ከፍ እናደርጋለን፣ ያጠነከርነውን ካርታ ማስክ እናደርገዋለን፣ ከዚያ የሌየሩን Blend If ከፍተን Underlying Layer በሚለው መስመር ላይ የጥቁሩን ጠቋሚ Alt ይዘን ለሁለት እንከፍለዋለን፤ አንዱን 40 አካባቢ፣ ሌላውን 110 አካባቢ። በጣም ጥቁር ለሆነ ፀጉር ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። አሁን ብርሃኑ የሚያነሳው ቀድሞም ትንሽ ብርሃን የነበራቸውን መስመሮች ብቻ ነው። ሸንተረሩ ወዲያው ይሰነጣጠቅና ፀጉር ይሆናል። ጥላውም በተመሳሳይ መንገድ በሌላ Curves ይሠራል፤ ማስኩ ከብርሃኑ በግማሽ ሞገድ፣ በ260 ፒክስል፣ የተዛወረው ካርታ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገና ባልታጠፈው ፀጉር ላይ ነው። ፀጉሩ፣ ብርሃኑና ጥላው አንድ ላይ Smart Object ውስጥ ይግቡ፤ Displace እና Warp ከላይ ይደረጉበት። የቁልቁሉን ሽግሽግ ዜሮ ያደረግነው ለዚህ ነው። ብርሃኑ በተሰጠው ከፍታ ላይ እንደሆነ ከዘለላው ጋር ወደ ጎን ይሄዳል፤ የዘለላው ድንበር ሲታጠፍ የብርሃኑም ድንበር አብሮ ይታጠፋል። ቦታው ከሳተ Smart Object ውስጥ ገብቶ ማስኩን ማንሸራተት ብቻ ነው፤ ሞገዱ አይነካም።

ቀለሙ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ስቴፈን ማርሽነርና አራት ባልደረቦቹ በነጠላ ፀጉር ላይ የሚያርፍ ብርሃን ወዴት ወዴት እንደሚበተን ለክተው አሳትመዋል፤ የኮምፒዩተር ፊልሞች ፀጉር የሚሠሩበት ስሌት ከዚያ ጽሑፍ ብዙ ወስዷል። ፀጉር ሁለት ነጸብራቅ አለው። አንደኛው ከላዩ ላይ ነጥሮ የሚመለሰው ነው፤ ፀጉሩ ውስጥ ስለማይገባ የመብራቱን ቀለም እንጂ የፀጉሩን ቀለም አይዝም። ሁለተኛው ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ከኋለኛው ግድግዳ ነጥሮ የሚወጣው ነው፤ በውስጥ ሲያልፍ የፀጉሩን ቀለም ይነከራል። ፀጉር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሲሆን ቅርፊቶቹ ጥቂት ዲግሪ ወደ ጫፍ ያጋደሉ ናቸው። በዚህ ማጋደል ምክንያት ሁለቱ ነጸብራቆች አንድ ቦታ ላይ አያርፉም፤ ነጩ ወደ ጫፉ፣ ቀለም ያለው ወደ ሥሩ ፈቀቅ ይላል።

ለእኛ ጥቁር ቡናማ ፀጉር ይህ ሁለት Curves ማለት ነው። የመጀመሪያው ጠባብ፣ የመብራቱን ቀለም የያዘ፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ፤ ሁለተኛው ከበላዩ 20 ወይም 30 ፒክስል ከፍ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ደከም ያለ፣ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ። የኛ አገር ሰው ፀጉር አብዛኛው ጥቁር ነው። በጣም ጥቁር በሆነ ፀጉር ውስጥ የገባው ብርሃን በብዛት እዚያው ተውጦ ስለሚቀር ሁለተኛው ነጸብራቅ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያበራው የመብራቱን ቀለም የያዘ ግራጫ ብቻ ነው። ለቢጫ ፀጉር የተዘጋጀ ትምህርት እያዩ በጥቁር ፀጉር ላይ ወርቃማ ብርሃን መቀባት ፀጉሩን ቀለም የተነከረ ያስመስለዋል። ቀለሙን ከአናቱ መቀነት በEyedropper መውሰድ ያዋጣል፤ እውነተኛው ብርሃን እዚያው ፎቶ ላይ ነው ያለው፣ አዲሱም ከእሱ መብለጥ የለበትም።

መመርመሪያው ደግሞ እንዲህ ነው። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ እስከ አውራ ጣት ጥፍር ማሳነስ። በዚያ መጠን ፀጉሩ ይጠፋል፣ የሚቀሩት የብርሃን ነጠብጣቦች ናቸው። ከአንዱ ዘለላ ወደ ሌላው በአንድ አግድም መስመር ላይ ከተሰለፉ የዘለላዎቹ ሸንተረር በቂ ልዩነት የለውም። ከላይ እስከ ታች ሁሉም እኩል ካበሩ ደግሞ አገጯ ጥላ የጣለበትንና ከትከሻ ኋላ የገባውን ክፍል ዘንግተናል፤ እዚያ ያለው ብርሃን በማስኩ ላይ መደብዘዝ፣ አንዳንዱም ጨርሶ መጥፋት አለበት። ከጆሮ በታች ያለው የመጀመሪያ ሞገድ ገና ደካማ ስለሆነ ብርሃኑም ሰፋና ፈዘዝ ማለት ይገባዋል፤ በዝግታ የሚታጠፍ ነውና። ከዚያ ፎቶውን ወደ መቶ ከመቶ መልሶ ብርሃኑ ከዘለላው ድንበር ወጥቶ ልብስ ወይም ቆዳ ላይ መፍሰስ አለመፍሰሱን ማየት ነው።

ይህ መንገድ የማይሠራበት ፎቶ አለ። መብራቱ ከኋላ ሲሆን ብርሃኑ ከፀጉሩ ላይ ነጥሮ ሳይሆን በፀጉሩ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው፤ ዳር ዳሩ ላይ የሚበራው ክር ከሞገዱ ጉብታ ጋር አይገናኝም፣ የፀጉሩን ዙሪያ ነው የሚከተለው። እዚያ ላይ ሩቡን የማዛወር ስሌት መተው፣ ዳሩን እንዳለ በWarp ከዙሪያው ጋር ማስኬድ ይሻላል። ነፋስ የበተነው ወይም ፊት ላይ የተሻገረ ፀጉርም ዘለላው ተለይቶ ስለማይታወቅ ካርታ አይወጣለትም። ደረቱ ላይ ያለው ንጣፍ ሙሉ ለሙሉ የተቃጠለበት፣ ከሌላ ቦታም የሚመጣ ንጹህ ፀጉር የሌለበት ፎቶ ከሆነ ደግሞ ከዚያው ቀን ሌላ ፎቶ መርጦ መሥራት ከዚህ ሁሉ ያነሰ ሰዓት ይወስዳል።